አንድ፣ ሦስት፣ አራት

ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ከተደረደሩት ፎቶኮፒ ቤቶች በአንዱ የእኔ ድንቁርና በገጽ ሃምሳ ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ያኔ ድንቁርና መሆኑን አላውቅም። እንዲያውም በመስታወቱ ላይ ተለጥፎ ሳየው ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር የማልፈው።

ሚሊኒየሙ ሊገባ አገሩ ሁሉ ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን የሁለተኛ ዓመት የውኃ ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። የዚያው ከተማ የሴቻ ሰፈር ልጅ ነኝ። የክፍል ጓደኞቼ ከጎንደርና ከሐረር ቀናት በአውቶቡስ ተንጠው ሲመጡ፣ እኔን መንግሥት አስቦ አስቦ ከእናቴ ቤት የባጃጅ መንገድ ላይ መደበኝ። ምደባው የወጣ ቀን አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ለቅሶው ወደ ንቀት ተለወጠ። ሙቀቱን ናቅኩ፤ ከካፌ ዳቦ የሚነጥቁትን ጦጣዎች ናቅኩ፤ መምህራኑን ናቅኩ። ከሁሉ በላይ ግን ከኔ ቀስ ብሎ የሚገባውን ሰው ናቅኩ፤ በዚያን ጊዜ ሒሳቤ ደግሞ ከኔ ቀስ ብሎ የማይገባው ሰው በግቢው አልነበረም። ሰቃይ ይሉኝ ነበር። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ነው።

ያጠብኩት መጽሐፍ ይሄ ነው። በሒሳብ ትምህርታችን ውስጥ ኦርቶጎናል ትራጀክተሪ የሚባል ርዕስ አለ። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ የኩርባዎች ቤተሰብ ይሰጥሃል። ሁሉም በአንድ ቀመር የተሠሩ ናቸው፤ የሚለያዩት ሲ በምትባል ቁጥር ብቻ ነው። ሲ አንድ ስትሆን አንደኛው ኩርባ ይወጣል፣ ሁለት ስትሆን ሌላው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ያንተ ሥራ የዚህን ቤተሰብ አባላት በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ በዘጠና ዲግሪ የሚያቋርጥ ሌላ ቤተሰብ መፈለግ ነው። ለውኃ ተማሪ ጨዋታ አይደለም። ከዶርዜ ተዳፋት የሚወርደው ዝናብ በካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን መስመሮች የሚያቋርጠው እንዲሁ ቀጥ አድርጎ ነው።

ለዚህ ርዕስ ከዓመት ዓመት የሚወርድ ሁለት ገጽ ሃንድአውት ነበረን። መጀመሪያ ማን በእጁ እንደጻፈው አይታወቅም። የኮፒ ኮፒ ኮፒ ነው፤ ፊደሎቹ ጉንዳን የሄደበት ይመስላሉ። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ብሎ ያልቃል፦ «አንድ፦ ቀመሩን ዲፈረንሼት አድርገህ ስሎፑን አውጣ።» ሁለተኛው ገጽ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ሦስት፦ ስሎፑን ገልብጠህ ኔጌቲቭ አድርግ። አራት፦ ኢንተግሬት አድርግ።»

አንድ፣ ሦስት፣ አራት። ይህን ሳይ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ ሳቅሁ። የጻፈው ሰው መቁጠር እንኳ አይችልም አልኩ። ጤነኛ ሰው ሁለተኛው የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። ኮፒ የሚያነሳው ልጅ ወረቀቱን አጣምሞ ሲያስቀምጥ ከታች አንድ መስመር ሊቆረጥ ይችላል ብሎ ያስባል። እኔ ግን ሰቃይ ነኝ፤ የሰቃይ ሥራ ማሰብ ሳይሆን ማረም ነው። ወረቀቱን ይዤ ፎቶኮፒ ቤት ሄድኩና ለጸሐፊዋ በንጹሕ አስተየብኳት። ቁጥሮቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አስባልኳቸው። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችኝና፣

«እዚህ ላይ ሁለት የለም እኮ» አለችኝ።

«ስለሌለ ነዋ የማስተካክለው። አንቺ ዝም ብለሽ ጻፊ» አልኳት። አስበው፤ ለትየባ የተቀመጠች ልጅ የጠረጠረችውን እኔ አልጠረጠርኩም።

እርግጥ ፈትኜዋለሁ። ሃንድአውቱ ላይ የነበረው ምሳሌ ማዕከላቸው አንድ የሆነ ክቦች ነበሩ፦

x² + y² = c²

ዲፈረንሼት ስታደርገው ሲ ራሷ ብን ብላ ትጠፋለች፤ ስሎፑ፣ የኩርባው ተዳፋትነት ማለት ነው፣ −x/y ይሆናል። ገልብጠህ ኔጌቲቭ ስታደርገው y/x ይሆናል። ኢንተግሬት ስታደርገው በማዕከሉ የሚያልፉ ቀጥ ያሉ መስመሮች ይወጣሉ። የብስክሌት ጎማና ሽቦዎቹ ማለት ነው። ትክክል! እኔም ሦስት እርምጃ በቂ ነው ብዬ ፈረምኩ። ሲ ያለ ማንም እርዳታ የጠፋችው ክብ ስለሆነ ብቻ እንደሆነ፣ በሌላ ኩርባ ላይ ግን ፈልጎ የሚያስወጣት ሰው እንደሚያስፈልጋት፣ ለአፍታም አልታየኝም። በሳምንቱ ወረቀቱ ለክፍሉ ሁሉ ደረሰ። ሰው እያስቆመ ያመሰግነኝ ነበር።

አሁን ስላስጠናሁት ልጅ ልናገር። ከኦቾሎ ነው የመጣው፣ ከአባያ በላይ ካለው ከዚያ ሸንተረር። ኦቾሎ ሲባል ወዲያው ስለ ሸማና ስለ መወርወሪያ መጠየቅ የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ እሱንም ይጠይቁት ነበር። ስለ ቤተክርስቲያናቸው የሚጠይቁትም አልጠፉም። አባቱ የገብስ ገበሬ ነው፤ እሱም ሸማ መሥራት አይችልም፤ ይህን ሲሰሙ የሚያዝኑት ጠያቂዎቹ ናቸው። አማርኛውን በትምህርት ቤት የተማረው ስለሆነ ቃላቱን አንድ በአንድ መርጦ ያስቀምጣቸዋል። እኔ የከተማ ልጅ ስለሆንኩ ይህን ዝግታ ለአእምሮው ሰጠሁት።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ዋርኒንግ ላይ አስቀምጦታል። በዚህ ሒሳብ ዲ ካገኘ ይባረራል፤ ከዲ ከፍ ካለ ይቀጥላል። ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ነበር። ከቀበሌው ምህንድስና የገባ የመጀመሪያ ልጅ ስለነበር ሲመጣ አባቶች ተሰብስበው መርቀው ነው የሸኙት። እንዳስጠናው የለመነኝ ራሱ ነው። እኔም እሺ አልኩ፤ ደግነት መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚሰማኝ ሰው ፈልጌ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮ በሚያንቋቋበት ሰዓት፣ ባዶ ክፍል ገብተን እናጠና ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ቅዳሜ የማካካሻ ክፍለ ጊዜ አለ ብሎ ለጠፈ። ርዕሱም ይኸው ነበር።

«ቅዳሜ እንሂድ?» አለኝ።

«ምን ልታደርግ? ወረቀቱ አለን አይደል? ሽማግሌው ሰሌዳው ላይ ሲያስል ሁለት ሰዓት ከምትጨርስ የፊዚክስ ወርክሺትህን ሥራ።»

አልሄድንም። መምህሩ እውነትም ያስላል፤ ጠመኔው ሳንባውን በልቶታል። እኔ ግን ሳሉን እንጂ የሚናገረውን ሰምቼው አላውቅም።

ሰኞ ከሰዓት y = cx² የሚለውን ሰጠሁት። እግራቸው አንድ ነጥብ ላይ የቆመ፣ አፋቸው ወደ ላይ የተከፈተ ኩርባዎች ናቸው፤ ሲ ስትጨምር አፉ ይጠባል። በወረቀቴ መሠረት ሠራሁለት። ስሎፑ 2cx። ሲገለበጥ −1/(2cx)። ኢንተግሬት ሲደረግ ሎጋሪዝም ያለበት መልስ መጣ። እርሳሴን አስቀመጥኩ። እሱ ግን ጣቱን የስሎፑ መስመር ላይ አሳረፈ።

«ሲ ግን?» አለኝ።

«ሲ ምን?»

«አልሄደም። እዚህ ስሎፑ ላይ ተቀምጧል። የየትኛው ኩርባ ሲ ነው?»

«የሁሉም ነዋ።»

«ሁሉም እኮ የየራሱ ሲ አለው።»

ሳቅኩበት። አሁንም ድረስ የሚያንገበግበኝ ሳቅ ነው። እሱ ግን አልተቀየመም። በማግስቱ የግራፍ ወረቀት ይዞ መጣ። ሲ አንድ የሆነበትንና ሲ ሁለት የሆነበትን ኩርባ ነጥብ በነጥብ ስሏል። በላያቸው ላይ ደግሞ በሲ አንድ የሠራነውን የኔን ሎጋሪዝም፣ በካልኩሌተር አውጥቶ፣ አስቀምጧል። ከዚያ ከኪሱ የመመገቢያ ካርዱን አወጣ። ካፌ ስንገባ የምናሳየው፣ ፎቶ ያለበት፣ በፕላስቲክ የታሸገ ካርድ ነው። ማዕዘን መለኪያ ስላልነበረው የካርዱን ጥግ ነበር የሚጠቀመው።

«እዪ» አለኝ። ጥጉን ሲ አንድ በሆነው ኩርባ መገናኛ ላይ አስቀመጠ። ልክ ገጠመ። ከዚያ ሲ ሁለት ወደሆነው አንሸራተተው። አልገጠመም፤ የኔ መስመር ከካርዱ ወጣ ብሎ ይታያል። «ለአንዱ ብቻ ነው የሚሠራው። ጥያቄው ግን ሁሉንም ነው የሚለው።»

በዓይኔ አየሁት እኮ! አንድ ነገር ሰውን ከዚህ በላይ እንዴት ሊያሳየው ይችላል? x አንድ በሆነበት ቦታ የኩርባው ከፍታ አንድ ከሆነ ስሎፑ ሁለት ነው፤ ሁለት ከሆነ ስሎፑ አራት ነው። ቀጥ አድርጎ የሚያቋርጠውም መስመር በአንደኛው ቦታ ስሎፑ ኔጌቲቭ ግማሽ፣ በሌላው ኔጌቲቭ ሩብ መሆን አለበት። የኔ ሎጋሪዝም ግን ሁለቱም ቦታ ላይ ኔጌቲቭ ግማሽ ይላል። ይህን የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ያሰላዋል። እኔ ምን አልኩ?

«እጅህ ተንሸራቶ ነው። አሳሳልህ ልክ አይደለም።»

«እሺ» አለና ዝቅ አድርጎ፣ «እንዲህ ብናደርግስ? ሲን መጀመሪያ ከቀመሩ ብናወጣው፣ y/x² ነው፤ ስሎፑ ውስጥ ብንተካው...»

«አራተኛ እርምጃ አትፍጠርብኝ!» አልኩት። የጻፈውን አላየሁለትም። «ማለፍ ነው የምትፈልገው ወይስ መፈላሰፍ?»

«ማለፍ።»

«እንግዲያው ሦስት ነው። ፈተና ላይ ወረቀቱ ያለውን ጻፍ። ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገባልኝ። እነሱ ዘንድ ቃል እንደ ከተማ ልጅ ቃል አይደለም።

ፋይናሉ ላይ ትልቁ ጥያቄ y = cx² ሆኖ መጣ። ሳየው ፈገግ አልኩ። ሎጋሪዝሜን በአሥር ደቂቃ ለጥፌ፣ ሌሎቹን ጨርሼ፣ ከሁሉም ቀድሜ ወጣሁ። ቀድሞ መውጣት የሰቃይ ወግ ነው። በበሩ ስወጣ ዞር ብዬ አየሁት፤ ከኋላ ተቀምጦ የመመገቢያ ካርዱን ወረቀቱ ላይ እያንሸራተተ ነበር። ይሄ ልጅ አሁንም ይሥላል ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

ውጤት ሲለጠፍ ሌሎቹ ጥያቄዎች አንስተውኝ እኔ ኤ፣ እሱ ዲ። መምህሩ ቢሮ የሄድኩት ለእሱ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ለዚያ ትልቅ ጥያቄ ዜሮ እንደተሰጠኝ ሰምቼ፣ ሽማግሌው ማረም አቅቶታል ብዬ ልከራከር ነው። እግረ መንገዴን እሱንም ጠርቼ ይዤው ሄድኩ። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ከእሱ ወንበር ሌላ አንድ ብቻ ስላለ ሁለታችንም ቆምን።

«መምህር፣ ይሄ ጥያቄ በትክክል ነው የሠራሁት» አልኩ ወረቀቴን እያሳየሁ።

ቀስ ብሎ መነጽሩን አደረገ። አንብቦ ሲጨርስ አልተቆጣም። ሽፋኑ የተገነጠለ ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቶ ፊቴ ዘረጋው። በራሱ እጅ አራት እርምጃ ተጽፏል። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ «ሲን ከመጀመሪያው ቀመርና ከስሎፑ መካከል አስወግድ። ይህ ሳይሆን ወደ ሦስት አትለፍ።»

የእጅ ጽሑፉን ወዲያው ነው ያወቅሁት። የዚያ የጉንዳን መንገድ ሃንድአውት ነው። መቁጠር አይችልም ብዬ የሳቅሁበት ሰው ፊቴ ተቀምጦ እያሳለ ነበር።

«ቅዳሜ ክፍለ ጊዜ ያካካስኩት ለዚህች ለሁለተኛዋ ነው» አለ። «ግማሹ ክፍል ሦስት እርምጃ ብሎ ጽፏል። ከየት እንዳመጣችሁት አላውቅም።»

ከዚያ የልጁን ወረቀት አወጣ። መጀመሪያ ያየሁት ገጽ ላይ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ ስሎፑ 2cx፤ ሲ y/x² ስለሆነ ስሎፑ 2y/x፤ ሲገለበጥ −x/2y፤ እንግዲህ 2y dy = −x dx። ከሥሩም መልሱ፦

x²/2 + y² = k

ወደ ጎን የተለጠጡ ሞላላ ኩርባዎች ናቸው። አጠገቡም በትንሹ ሥሎ አሳይቷል፤ ሞላላዎቹ ኩርባዎቹን በሙሉ ቀጥ አድርገው ያቋርጣሉ። ከፊደሉ እስከ ሥዕሉ አንድ ስሕተት የለውም። ከላይ እስከ ታች ግን በአንድ ሰያፍ መስመር ተሰርዟል። ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ የኔ ሎጋሪዝም ነበር።

«ይህን ሳይ ደነገጥኩ» አለ መምህሩ። «ከክፍሉ እንዲህ አድርጎ የሠራው ከሦስት ሰው አይበልጥም። ግን የተሰረዘ አይታረምም፤ ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። ልጄ፣ ለምን ሰረዝከው?»

ልጁ መሬት መሬት አየ።

«ሦስት ነው ተባልኩ» አለ።

«ማን ነው ያለህ?»

ስሜን አልጠራም፤ አንዴ እንኳ ወደ እኔ አልዞረም። ቢዞር ኖሮ ምናልባት እናገር ነበር ብዬ ራሴን የምሸነግልበት ጊዜ አለ፤ ውሸት ነው። እኔ በዚያች ሰዓት የማስበው ወረቀቱን ያስተየብኩት እኔ መሆኔ ቢታወቅ ክፍሉ ምን እንደሚለኝ ነበር። መምህሩ እኔንም አየኝ። ጠበቀን። ሲያስል፣ ውኃ ሲጠጣ፣ ደብተሩን ሲዘጋ እንኳ ጊዜ ነበረኝ። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው፤ ያን ሁሉ ንቀት ሲያወርድ የከረመ ምላስ ሁለት ቃል ከበደው።

በሳምንቱ ክሊራንስ ሊያዞር ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ፍራሹን እንኳ ያስረከበው ብቻውን ነው። ከላይብረሪ አስፈረመ፣ ከዶርም አስፈረመ፣ መጨረሻ ላይ ካፌ ደረስን። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ የመመገቢያ ካርዱን ተቀበለው። ካርድ ከአገልግሎት ሲወጣ ጥጉን በመቀስ ቆርጠው ነው የሚመልሱት። ልጁ እጁን ዘረጋ።

«በዚያኛው በኩል ቢሆን?» አለ። «ይሄኛው ጥግ ልክ ዘጠና ነው።»

ሰውዬው ምን እንደሚል አልገባውም። እንደለመደው ቆረጠው። ልጁ ካርዱን ተቀብሎ አየውና ኪሱ ከተተው። በዚያው ቀን በጨንቻ መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ሲሳፈር «ስላስጠናሽኝ አመሰግናለሁ» አለኝ፤ የምር ነበር። አሽሙር ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ተረስቶኝ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሼ ገባሁ፤ መምህር ሆኜ። ሽማግሌው ጡረታ ወጥቶ ነበር። የሱን ኮርስ ለእኔ ሰጡኝ፤ ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለውን ረስተው። ርዕሱ ላይ የደረስኩ ቀን አራቱን እርምጃ በትልልቁ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፤ ሁለተኛዋን ሁለት ጊዜ አሰመርኩባት። ከፊት የተቀመጠ አንድ ፈጣን ልጅ፣ በዓይኑ ብቻ እንዴት እንደሚንቀኝ የሚታወቀኝ፣ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ እርምጃው እኮ ሦስት ነው። ወረቀት አለን» አለና ከደብተሩ መካከል አውጥቶ አሳየኝ። ፊደሉን ከሩቅ አወቅሁት። ገጹ ደብዝዟል እንጂ ያው ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«ማን ጻፈው?» አልኩት።

«ድሮ እዚህ የነበረች ሰቃይ ናት ይባላል። ኤ ነው ያመጣችው።»

ክፍሉ ሳቀ። በእኔ ነበር የሚስቁት፤ ከወረቀቱ ጋር የተጣላች አዲስ መምህርት መስያቸው። ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

«ያቺ ሰቃይ እኔ ነኝ» አልኩ። ሳቁ ቆመ። ያን ዕለት በዚያ ጠባብ ቢሮ ውስጥ የከበደኝ ቃል ይህ ነበር፤ አሁን ሲወጣ ለማንም አልጠቀመም። ወደ ልጁ ሄጄ የግራፍ ወረቀት ዴስኩ ላይ አስቀመጥኩለትና የመመገቢያ ካርድህን አውጣ አልኩት።